ክልሉ ሲቀያየር የቆየው ቀበሌ

በእንሴኖ ዙሪያ የሚኖር አንድ አዛውንት ገበሬ ከማሳው ሳይነሣ አድራሻው ተቀያይሮበታል። በደርግ ጊዜ በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበር። ከ1983 በኋላ አውራጃው ቀረና በደቡብ ክልል ወደ ጉራጌ ዞን ገባ፤ በ2015 ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መጣ። ከታች ያለው ቀበሌ ግን አልሄደም። ገጠር ላይ ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» የሚሉት አሉ።

ስሙ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ሃያ ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ያህል በሆነ ቦታ ገበሬዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙም አዘዘ። መሬት የሚያከፋፍለውም፣ ክርክር የሚዳኘውም ይኸው ማኅበር ሆነ። በዚያች ወቅት ሌላ መንገድ ነበር። «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር መሬቱ ለአራሹ በግል ይሰጥ ወይስ በጋራ ይያዝ የሚለውን አልወሰነም ነበር። የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጊዜ «ወሳኝ መታጠፊያ» ይሉታል፦ ብዙ በር ተከፍቶ፣ በአንዱ ከተገባ በኋላ ሌሎቹ ቀስ በቀስ የሚዘጉበት።

በሮቹን የዘጋው አዋጁ ብቻ አልነበረም። ቀበሌው ስላለ፣ ቀጥሎ የመጣ ሥራ ሁሉ በእሱ ላይ ተጫነ። መታወቂያ፣ የማዳበሪያ ብድር፣ የሴፍቲኔት ተረጂዎች ምርጫ፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አዲስ መዋቅር ከመዘርጋት ያለውን መጠቀም ረከሰለት። አሁን ቀበሌን ማፍረስ ማለት እነዚህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። «የመንገድ ጥገኝነት» የሚባለው ይህ ነው፦ የትናንቱ ምርጫ የዛሬውን ሌላ ምርጫ ሲያስወድድ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ሲል መንግሥት ተቀይሮ ሳለ የ1967ቱ መንገድ ቀጠለ።

ያረጀ ነገር ሁሉ ይጸናል ማለት ግን አይደለም። የደርግ መንግሥት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ዓመታት የተደከመባቸው ነበሩ። የካቲት 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ መውጣት ሲፈቀድ ገበሬው መሬቱንና በሬውን ተካፍሎ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹን በተናቸው። በእነሱ ላይ የተደገፈ ሌላ ሥራ አልነበረም፤ አባሉም መውጣቱ አልጎዳውም።

ስለዚህ የአንድን ተቋም ዕድሜ ለመገመት አስፈላጊው ጥያቄ «ማን መሠረተው?» ሳይሆን «ዛሬ ቢዘጋ ነገ ጠዋት የማን ሥራ ይቆማል?» የሚለው ነው። ለቀበሌው አዲስ ፈተና ፋይዳ ነው። ብሔራዊ የዲጂታል መታወቂያው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲቋቋም፣ ቀበሌ ለብቻው ይዞት ከኖረው ሥራ አንዱ ከእጁ መውጣት ጀምሯል።