ሁለት ቃላት ይበቃሉ፤ ግን የትኞቹ?

አንድ እድር በባንክ ያለውን ገንዘብ ለማውጣት ሦስት ፈራሚዎች መድቧል እንበል፤ ሊቀመንበሩን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን። ደንቡ «ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ከፈረሙ ገንዘቡ ይወጣል» ይላል። ዘርዝረን እንጻፈው ካልን «ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ፈርመዋል፣ ወይም ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ፈርመዋል፣ ወይም ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ፈርመዋል» ማለት እንችላለን። በዚህ ዝርዝር ውስጥ «እና» አለ፤ «ወይም»ም አለ። «ወይም»ን ጨርሰን ትተን፣ በ«እና» እና በ«አይደለም» ብቻ ይህንኑ ደንብ መጻፍ እንችላለን?

እንችላለን። የሚገርመው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ፈራሚዎቹ ሦስትም ሆኑ ሠላሳ፣ ደንቡ ቀላልም ሆነ የተወሳሰበ፣ በእነዚሁ ሁለት ቃላት የማይጻፍ አንድም ደንብ የለም። በሥነ አመክንዮ እንዲህ ያሉት ጥቂት አያያዦች «ምሉዕ ስብስብ» ይባላሉ። ሌሎቹን አያያዦች ሁሉ ከእነሱ መሥራት ስለሚቻል ነው።

ሠንጠረዡ ራሱ መልሱን ይዟል

«ሊቀመንበሩ ፈርሟል» የሚለውን ሀ፣ «ጸሐፊው ፈርሟል» የሚለውን ለ፣ «ገንዘብ ያዡ ፈርሟል» የሚለውን መ እንበለው። እውነትን በ1፣ ሐሰትን በ0 እናመልክት። ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እውነት ወይም ሐሰት ሊሆኑ የሚችሉባቸው ሁኔታዎች 8 ናቸው፤ ደንቡ በእያንዳንዱ ሁኔታ የሚሰጠው መልስ ይኸውና፦

```
ሀ  ለ  መ | ገንዘቡ ይወጣል
1  1  1 |  1
1  1  0 |  1
1  0  1 |  1
1  0  0 |  0
0  1  1 |  1
0  1  0 |  0
0  0  1 |  0
0  0  0 |  0
```

ይህ የእውነት ሠንጠረዥ ይባላል። ስለ ደንቡ ማወቅ የሚያስፈልገን ሁሉ በመጨረሻው ዓምድ ላይ አለ። ሌላ ደንብ ማለት በዚያ ዓምድ ላይ የ1 እና የ0 ሌላ አሰላለፍ ማለት ነው። ሦስት ፈራሚዎች ላሉት እድር ሊኖሩ የሚችሉት ደንቦች 256 ናቸው። ፈራሚዎቹ አራት ከሆኑ 65,536፣ አምስት ከሆኑ ደግሞ ከ4 ቢሊዮን በላይ ይሆናሉ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መፈተሽ አይቻልም። ደግነቱ አያስፈልግም፤ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ።

ዘዴው ይህ ነው። መጀመሪያ በመጨረሻው ዓምድ 1 ያለባቸውን ረድፎች ብቻ እንመርጣለን። ከላይ ባለው ሠንጠረዥ አራት ናቸው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ረድፍ በቃል እናነበዋለን። ሁለተኛው ረድፍ «ሀ እና ለ፣ መ ግን አይደለም» ይላል፤ በምልክት ሲጻፍ `ሀ ∧ ለ ∧ ¬መ` ይሆናል። `∧` «እና»ን፣ `¬` ደግሞ «አይደለም»ን ይተካሉ። ይህ አባባል በዚያ ረድፍ ላይ ብቻ እውነት ነው፤ በሌሎቹ ሰባት ረድፎች ሐሰት ነው። ሦስቱን የቀሩ ረድፎችም እንዲሁ አንብበን አራቱን በ«ወይም» ስናያይዛቸው ደንቡን በትክክል እናገኛለን፤ ከአራቱ ሁኔታዎች በአንዱ ላይ ካለን እውነት፣ ካልሆነ ሐሰት ነውና።

ይህ አሠራር ለየትኛውም ዓምድ ይሠራል። አንድም 1 የሌለበት ዓምድ ሲመጣ ብቻ የምንመርጠው ረድፍ አይኖርም፤ እሱንም `ሀ ∧ ¬ሀ` ይወጣዋል፤ መቼም እውነት የማይሆን አባባል ነው። ስለዚህ «አይደለም»፣ «እና» እና «ወይም» ሦስቱ አንድ ላይ ለሁሉም ደንብ ይበቃሉ።

አሁን የቀረው ከሦስቱ አንዱን ማስወጣት ነው። «ወይም»ን በ`∨` ብንጽፈው፣ «ሀ ወይም ለ» ማለት «ሁለቱም ሐሰት ናቸው የሚለው ትክክል አይደለም» ማለት ነው፦

```
ሀ ∨ ለ  =  ¬(¬ሀ ∧ ¬ለ)
```

እዚህ ላይ «ወይም» ሁለቱም እውነት የሆኑበትንም ሁኔታ እንደሚጨምር ልብ ይሏል። «ወይም» በመጣበት ሁሉ የቀኙን አጻጻፍ ብንተካ ቃሉ ከደንቡ ውስጥ ይጠፋል። የእድሩን አጭሩን አባባል ወስደን ብንተካው ይህን እናገኛለን፦

```
¬( ¬(ሀ ∧ ለ) ∧ ¬(ሀ ∧ መ) ∧ ¬(ለ ∧ መ) )
```

እንፈትሸው። ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ፈርመው ጸሐፊው ባይፈርም፣ `ሀ ∧ መ` እውነት ስለሆነ `¬(ሀ ∧ መ)` ሐሰት ይሆናል። በ«እና» ከተያያዙት አንዱ ሐሰት በመሆኑ የውጪው ቅንፍ በሙሉ ሐሰት ነው። ከፊቱ ያለው `¬` ይገለብጠውና እውነት ይሆናል፤ ገንዘቡ ይወጣል። ሊቀመንበሩ ብቻውን ቢፈርምስ? ሦስቱም ጥንዶች ሐሰት ናቸው፤ ሦስቱም ሲገለበጡ እውነት ይሆናሉ፤ ቅንፉ እውነት ሆኖ የውጪው `¬` ሐሰት ያደርገዋል። ገንዘቡ አይወጣም።

የ«አይደለም» አጋር ማን ሊሆን ይችላል?

«እና» አጋር መሆን ከቻለ «ወይም»ም ይችላል፤ ያው መተኪያ ወደ ኋላም ይሠራልና። አልፍሬድ ኖርዝ ኋይትሄድና በርትራንድ ራስል በ1910 መታተም በጀመረው «ፕሪንኪፒያ ማቴማቲካ» ላይ መነሻ ያደረጓቸው «አይደለም»ን እና «ወይም»ን ነበር። ከእነሱ በፊት በ1879 ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ «አይደለም»ን ከ«ከሆነ» ጋር አጣምሮ ነበር የሠራው። «ሀ ከሆነ ለ» የሚለው ሐሰት የሚሆነው ሀ እውነት ሆኖ ለ ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። በመሆኑም «ሀ እና ለ» ማለት «ሀ ከሆነ ለ አይሆንም የሚለው ትክክል አይደለም» ማለት ነው፤ «እና» ከተገኘ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ማንኛውም የእውነት ሠንጠረዥ ከጥቂት አያያዦች ሊሠራ እንደሚችል በማረጋገጫ አስደግፎ ያሳተመው ኤሚል ፖስት ነው፤ ጊዜውም 1921 ነበር።

ታዲያ ማንኛውም አያያዥ ለ«አይደለም» አጋር ይሆናል? አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። «ሀ እና ለ እኩል ናቸው፤ ወይ ሁለቱም እውነት፣ ወይ ሁለቱም ሐሰት» የሚለውን አያያዥ እንውሰድ። በአራቱ ረድፎች ላይ ያለው ዓምድ 1፣ 0፣ 0፣ 1 ነው። ጠንካራ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከ«አይደለም» ጋር ምንም ያህል ብንደጋግመው «እና»ን አናገኝም።

ምክንያቱ በቆጠራ ይታያል። በአራቱ ረድፎች ላይ የሀ ዓምድ ሁለት 1 አለው፤ የለም ዓምድ ሁለት 1 አለው። መነሻችን እነዚህ ናቸው፤ ሁለቱም ጥንድ ቁጥር ናቸው። «አይደለም» ዓምዱን ሲገለብጠው ሁለቱ ሁለት ሆኖ ይቀራል፤ ዜሮውም አራት፣ አራቱም ዜሮ ይሆናል፤ ጥንድነቱ አይፈርስም። «እኩል ናቸው» ደግሞ ሁለት ዓምዶችን አስተያይቶ በሚስማሙበት ረድፍ 1 ያስቀምጣል። የማይስማሙባቸውን ረድፎች ለማግኘት የሁለቱን ዓምዶች 1ዎች እንደምራለን፤ ከዚያ ሁለቱም 1 የሆኑባቸውን ረድፎች በእጥፍ እንቀንሳለን፤ ሁለቴ ተቆጥረዋልና። ከጥንድ ቁጥር ላይ ጥንድ ቁጥር ሲቀነስ ጥንድ ይቀራል። ከአራት የቀሩት፣ ማለትም የሚስማሙባቸው ረድፎችም፣ ጥንድ ናቸው። በሁለቱ መሣሪያዎች የምንሠራው ዓምድ ሁሉ ስለዚህ 0፣ 2 ወይም 4 ጊዜ 1 ይኖረዋል። «እና» ያለው አንድ 1 ብቻ ነው። መንገዱ እዚህ ላይ ይዘጋል።

ይኸው ቆጠራ ሙሉ መመዘኛ ይሆነናል። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን የሚያያይዙ 16 አያያዦች አሉ። ከእነዚህ ስምንቱ በዓምዳቸው ጥንድ 1 አላቸው፤ አንዳቸውም ለ«አይደለም» አጋር አይሆኑም። «ከሁለቱ አንዱ ብቻ» የሚለውም ከእነዚህ መካከል ነው። የቀሩት ስምንቱ አንድ ወይም ሦስት 1 አላቸው፤ እነዚህ ሁሉ ይሆናሉ። አንድ 1 ያለው አያያዥ አንድ ረድፍ ብቻ የሚመርጥ ነው፤ በሚገባቸው ዓረፍተ ነገሮች ፊት «አይደለም» ስንጨምር የሚመረጠውን ረድፍ ወደ «ሀ እና ለ» ማዛወር እንችላለን። ሦስት 1 ያለው ደግሞ ሲገለበጥ አንድ 1 ይቀረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያው ነው። አዲስ አያያዥ ሲያጋጥም አራቱን ረድፎች ጽፎ 1ዎቹን መቁጠር ብቻ ነው፤ ነጠላ ከሆኑ ይበቃል፣ ጥንድ ከሆኑ አይበቃም።

«አይደለም» ራሱ ቢቀርስ?

«እና»፣ «ወይም»፣ «ከሆነ» እና «እኩል ናቸው» የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ፤ የሚገባባቸው ሁሉ እውነት ከሆነ የሚወጣውም እውነት ነው። አራቱን እንዴትም ብናጣምር ይህ ጠባይ አይለቃቸውም። «አይደለም» ግን እውነት ሲገባበት ሐሰት ያወጣል። ስለዚህ ከአራቱ ሊሠራ አይችልም።

በውስጡ መገልበጥን የያዘ አያያዥ ካለ ግን አንዱ ብቻ ለሁሉም ሊበቃ ይችላል። ሄንሪ ሼፈር በ1913 ይህን አሳትሟል፤ ቻርልስ ፐርስም በ1880 አካባቢ ደርሶበት ነበር፤ ጽሑፉ ግን በዘመኑ አልታተመም። «ሁለቱም አንድ ላይ እውነት አይደሉም» የሚለውን አያያዥ በሀ እና በራሱ በሀ ላይ ብናውለው «ሀ አይደለም»ን እናገኛለን። ከ16ቱ ይህን የሚችሉት እሱና «አንዳቸውም እውነት አይደሉም» የሚለው ብቻ ናቸው። የእድሩን ደንብ የመጨረሻ አጻጻፍ እንደገና ብናየው ሦስት «አንድ ላይ አይደሉም» በሌላ «አንድ ላይ አይደሉም» ውስጥ የተቀመጡበት ሆኖ እናገኘዋለን። የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች በዚህ ይሠሩበታል፤ ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮች ኮምፒውተር የሎጂክ ዑደቶች የተሠሩት «አንዳቸውም አይደሉም» ከሚለው አንድ ዓይነት ዑደት ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ማምረትና መፈተሽ ስለሚያስፈልግ ሥራው ይቀላል። በምላሹ አጻጻፉ ይረዝማል፤ በሌላ አያያዥ አንዴ የሚባለውን ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ማለት የግድ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚይዘው ግን መልሳቸው በሠንጠረዥ ሊጻፍ የሚችለውን አያያዦች ብቻ ነው። «አበበ ታሟል» እውነት ይሁን፤ «አበበ ከስብሰባው ቀርቷል»ም እውነት ይሁን። «አበበ ስለታመመ ከስብሰባው ቀረ» የሚለውስ? እውነት ሊሆን ይችላል፤ የቀረው በሌላ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ሐሰት ነው። ሁለቱም እውነት በሆኑበት ረድፍ ላይ 1 እንጻፍ ወይስ 0 ብለን ብንጠይቅ ሠንጠረዡ አይመልስም። «እና»ን፣ «ወይም»ን እና «ከሆነ»ን የሚተኩት ሁለቱ ቃላት ምክንያትን የሚናገረውን አያያዥ መተካት አይችሉም፤ እሱን ለማወቅ አበበ ለምን እንደቀረ መጠየቅ ያስፈልጋል።