አንድ ደቂቃ፣ አንድ ሥራ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት። ያመለከተችበት አንድ ድርጅት ከሲቪዋ ጋር ራሷን የምታስተዋውቅበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንድትልክ ጠይቋት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት መጥታ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ቪዲዮው ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይፈጃል። ስሟን፣ የተወለደችበትን ከተማ፣ የተማረችባቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ትዘረዝራለች፤ ታታሪ እንደሆነች፣ ከሰው ጋር ተግባብታ እንደምትሠራም ትናገራለች። የሠራችው ሥራ የሚነሳው ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር።

የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ ሳገላብጥ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ የት ላይ ማየት እንደማቆም አውቄው ነበር። ትምህርት ቤቱም የምረቃ ዓመቱም ሲቪው ላይ ተጽፏል። ታታሪ ነኝ የማይል አመልካች ደግሞ የለም። ቪዲዮ የሚጠይቅ ቀጣሪ ወረቀቱ የማያሳየውን ነው የሚፈልገው፤ ይህች ልጅ የሠራችውን ሥራ ለማያውቅ ሰው አጥርታ ማስረዳት ትችላለች ወይስ አትችልም?

«ኢንተርንሺፕ ስትወጪ የሠራሽውን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። ሁለት ወር የቆየችበት የግንባታ ዕቃ መደብር መዝገቡና የባንክ ስቴትመንቱ አልገጥም ብለው እንደነበር፣ ልዩነቱም 14,300 ብር እንደነበር ነገረችኝ። ደረሰኝ ከደረሰኝ ስታመሳክር ተጽፈው ገና ያልተመነዘሩ ሁለት ቼኮች፣ ድምራቸው 14,450 ብር፣ አገኘች፤ ባንኩ የቆረጠው 150 ብር የአገልግሎት ክፍያም መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር። አንዱን ከሌላው ቀንሱት፤ ልዩነቱ ልክ 14,300 ይመጣል። ይህን ስትነግረኝ ድምጿም ፊቷም ከቪዲዮው ላይ ካለችው ልጅ ፈጽሞ የተለየ ነበር። የሚቀረጸው ይኸው ነው አልኳት።

አንድ ነገር ግን አስቀነስኳት። የመደብሩን ስምም የብሩን መጠንም ጠርታ ነበር። የሰው ሒሳብ የሚይዝ ሰው የቀድሞ አሠሪውን ገንዘብ በቪዲዮ ሲዘረዝር፣ የሚያየው ቀጣሪ «ነገ የእኔንም እንዲሁ ያወራዋል» ይላል። አሠራሩን ትንገር፣ ቁጥሩን ትተው። ከዚያ አብረን ጽፈን የጨረስነው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። … እባላለሁ። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ የማመለክተው እናንተ ዘንድ ለወጣው የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ነው። በኢንተርንሺፕ ጊዜዬ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ሁለት ወር ሠርቻለሁ። እዚያ የመደብሩ መዝገብና የባንክ ስቴትመንቱ አልገጥም ብለው ነበር። የሦስት ወር ደረሰኝና ቼክ አውጥቼ ከስቴትመንቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ሁለት ቼኮች ተጽፈው ገና ባንክ አልቀረቡም፤ አንድ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ደግሞ መዝገብ ላይ አልሰፈረም ነበር። ክፍያውን መዝግቤ፣ ቼኮቹን በማስታረቂያው ላይ ሳሳይ ሒሳቡ ገጠመ። ከዚያ በኋላ ማስታረቁ በየወሩ እንዲሠራ የኤክሴል ቅጽ አዘጋጅቼላቸው ወጣሁ። ማስታወቂያችሁ ላይ ወርኃዊ የባንክ ማስታረቅ አንዱ ሥራ መሆኑን አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ልይዘው እችላለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ዘጠና ቃል ገደማ ነው። ረጋ ብላ ስታነበው 56 ሰከንድ ወሰደባት፤ ለአንድ ደቂቃ ልኩ ይኸው ነው። ርዝመቱን በገጽ መገመት አይቻልም፤ ሰዓት ይዞ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በልብ ሲነበብ ሁልጊዜ ያጥራል። ቀጣሪው በእንግሊዝኛ ከፈለገው ደግሞ የቃሉ ቁጥር ይጨምራል። አማርኛ «ከስቴትመንቱ» ብሎ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን እንግሊዝኛ በሦስት ቃል ነው የሚለው። ስለዚህ የቃል ቁጥር ሳይሆን ሰከንድ ይቆጠር። ካለፈ የሚቀነሰው ከሥራው ታሪክ ላይ አይደለም፤ ከሰላምታውና ከምስጋናው ነው። ፈጥኖ በመናገር ለማሳጠር መሞከር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቃል ይዋጣል፣ ትንፋሽ ይሰማል።

ቃል በቃል እንድትሸመድደው አልፈቀድኩላትም። የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋው ዓይኑ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። አራት ነገር ብቻ ያዘች፦ ማን እንደሆነች፣ ምን እንዳልገጠመ፣ ምን እንዳደረገች፣ ለዚህ ሥራ ምን እንደሚጠቅም። ያልሠራልን ሌላ ነገርም ነበር፤ ጽሑፉን ከስልኩ ጎን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ሞከርን፤ ሲታይ ዓይኗ መስመር እየተከተለ ግራ ቀኝ ይላል። ቀድደን ጣልነው።

ቀረጻውን እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎን ውስጥ አደረግነው። የመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ መስኮቱ ከጀርባዋ ስለነበር ፊቷ ጠቁሮ ጠፍቶ ነበር። አሁን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርናት፤ መብራትም ማብራት አላስፈለገንም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ደራርበን ሌንሱ ልክ ዓይኗ ትይዩ እስኪሆን ከፍ አደረግነው። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ አገጭና ጣሪያ ነው የሚያሳየው፤ ከፍ ካለ ደግሞ ተናጋሪው አንጋጦ የሚለምን ይመስላል። ስልኩ በአግድም ሆኖ አንድ ሜትር ያህል ራቀ። ምስሉን ከላይ ወደ ታች ሦስት እኩል ቦታ ብትከፍሉት፣ ዓይኗ ከላይ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያርፋል፤ ከጭንቅላቷ በላይ ጥቂት ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ከታች ደረቷ አጋማሽ ላይ ይቆረጣል። እንዲህ ሲሆን እጇ ስትናገር ብቅ እያለ ይታያል፤ ያ ጥሩ ነው። ከጀርባዋ ካለው ግድግዳም አንድ እርምጃ ያህል ወደፊት አስቀመጥናት፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች እንዳትመስል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓይን ላይ ነው። በሰልፊ ካሜራ፣ ስልኩ በአግድም ሲሆን፣ ሌንሱ ወደ ጎን ጠርዝ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ የራሱን ፊት እያየ የሚናገር ሰው ለተመልካቹ ሌላ ሰው እያየ የሚያወራ ይመስላል። ስለዚህ በኋላኛው ካሜራ ቀረጽናት፤ ራሷን አላየችም። ያነጋገረችው ከስልኩ ጀርባ ቆሜ የነበርኩትን እኔን ሳይሆን ሌንሱን ነው፤ ከሌንሱ ሥር ትንሽ ቀይ ወረቀት ለጥፌላት ነበር።

ድምፅ በሩቁ ስለሚሳሳ የጆሮ ማዳመጫዋን ማይክ ከሸሚዟ ኮሌታ ሥር አያያዝነው። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ይሻላል። ሦስተኛው ሙከራ ከሁሉም ያማረ ነበር፤ ማብቂያው ላይ ስልክ ተደወለና ቀረጻው ተቋረጠ። አውሮፕላን ሁነታ ላይ ማድረጉን ረስቼው ነበር። አምስተኛውን ወሰድን። አንድ ቃል ላይ ትንሽ ተንተባትባለች፤ ቢሆንም አልደገምነውም፤ ከሰባትና ስምንት ሙከራ በኋላ ፊት ይደክማል።

የቀረን መላኩ ነበር። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በ1080 ጥራት ሲቀረጽ ብዙ ጊዜ 60 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ጂሜይል አያይዞ የሚልከው ደግሞ እስከ 25 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ጉግል ድራይቭ ላይ ጭነን ሊንኩን ላክን፤ የፋይሉን ስምም በራሷ ስምና በሥራ መደቡ ቀየርነው። ከመላካችን በፊት ሊንኩን በእኔ ስልክ ስከፍተው «ፈቃድ ይጠይቁ» የሚል መልእክት መጣ። ገብታ `Anyone with the link` የሚለውን መረጠችና እንደገና ከፈትኩት። ቪዲዮው ተጫወተ፤ 57 ሰከንድ።