ቴሌቪዥን ሲያይ ያረረው ወጥ



ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው እኛ ቡና ስንቀዳ፣ አንድ አባት የተጣጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና «መምህርት፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» አሉኝ። የ8ኛ ክፍል ልጃቸው የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ነው። ጥያቄው ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ወደ አንድ አጣምሩ የሚል ነበር። አንደኛው «ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር»፣ ሁለተኛው «ወጡ አረረ» ይላሉ። አባትና ልጅ ተማክረው እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ዎቺንግ ቲቪ፣ ዘ ስቲው በርንድ።»

መምህሯ በቀይ አስምራበት ከጎኑ «ወጡ ነው እንዴ ቴሌቪዥን የሚያየው?» ብላ ጽፋለች። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ተስቆባታል። ቤት ስትመለስ «ከአሁን በኋላ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ አታግዘኝ» አለቻቸው። እሳቸውን ያሳዘናቸው ማርኩ ሳይሆን ይሄ ነው።

(የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ሆን ብዬ ነው። እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ልጁ ይጻፍ።)

እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስህተቱ ዓይኔን አልወጋውም። ለምን እንደሆነ ለማየት ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ እንበለው፦ «ቴሌቪዥን እያየሁ ወጡ አረረ።» ምንም አልጎደለውም። «እያየሁ» የሚለው ቃል መጨረሻው ላይ «ሁ» አለችበት፤ ያየሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ባለቤት ወጡ ቢሆን፣ ዝናቡ ቢሆን፣ ጎረቤት ቢሆን፣ ያየሁት እኔ መሆኔ አይጠፋም። እንዲያውም በንግግር «አረረብኝ» ስንል ራሳችንን ሁለተኛ ጊዜ እናስገባለን። ቦዝ አንቀጽም እንደዚሁ ነው፤ ገብቼ፣ ገብታ፣ ገብተን፣ ገብተው ስንል ማን እንደገባ እዚያው ተነግሯል። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

የእንግሊዝኛው «ዎቺንግ» ግን ባዶ እጁን ነው። እኔም ልሁን እሷ ወይም እነሱ፣ ቃሉ አይለወጥም። ስለዚህ እንግሊዝኛ አንባቢ ባለቤቱን ፍለጋ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ወዳለው ዋና ዓረፍተ ነገር ይሄዳል፤ እዚያ ያገኘውን ባለቤት ለሁለቱም ሥራ ይሰጣል። ያገኘው ወጡን ነው። ወጡ ቴሌቪዥን እያየ አረረ።

የማጣመር ጥያቄ ወጥመድ በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይነሳል። ስለዚህ ልጁ እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት ለሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች «ማን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ይሄን ደግሞ በአማርኛ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ማን ያያል? እኔ። ማን አረረ? ወጡ። መልሶቹ አንድ ካልሆኑ የአንዱን ባለቤት አውጥቶ መጣል አይቻልም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ቀላሉ መንገድ ባለቤቱን ሳይጥሉ መተው ነው፦ «ዋይል አይ ዋዝ ዎቺንግ ቲቪ፣ ዘ ስቲው በርንድ።» ይሄ ሁልጊዜ ያዋጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንዳንድ ልጆች «ዋይል»ን ብቻ አስገብተው «ዋይል ዎቺንግ ቲቪ፣ ዘ ስቲው በርንድ» ይላሉ። ባለቤቱ «አይ» አሁንም ስለሌለ ወጡ ቴሌቪዥን ማየቱን አልተወም።

ጥያቄው የግድ አሳጥሩት ካለ፣ ሁለተኛውን ክፍል መለወጥና ባለቤቱን አንድ ማድረግ ነው፦ «ዎቺንግ ቲቪ፣ አይ በርንድ ዘ ስቲው።» አሁን ያየሁትም ያሳረርኩትም እኔ ነኝ። አባትየው ይሄን ሲሰሙ ሳቁና «በአማርኛ ወጡ ራሱ ነበር የሚያርረው፤ በእንግሊዝኛ ጥፋቱን እኛው ልንወስድ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ «አረረ» እና «አሳረርኩ» አንድ አይደሉም። ዓረፍተ ነገር ስናስተካክል ትርጉሙ ትንሽ እንደሚያዘነብል ልጁ ቢያውቀው አይጎዳውም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የአጠረው ሐረግ የራሱን ባለቤት ይዞ ይመጣል፦ «ዘ ሬይን ሃቪንግ ስቶፕት፣ ዊ ዌንት አውት።» ቃል በቃል ከእኛ «ዝናቡ አባርቶ ወጣን» ጋር ይመሳሰላል፤ ያባራው ዝናቡ፣ የወጣነው እኛ። ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን በመጽሐፍ እንጂ በንግግር ብዙ አይሰማም። ልጁ በንባብ ሲያገኘው እንዳይደናገጥ ማወቁ ይበቃዋል፤ በየድርሰቱ ቢደረድረው ግን መምህሩ ይሰለቻል።

ባለቤቶቹ አንድ ሲሆኑስ? ያኔ ሥራው ሜካኒካል ነው። የአንዱን ባለቤት አውጡ፣ ግሱን ለውጡ፣ ነጠላ ሰረዝ አድርጉ፣ የቀረውን ባለቤት ከሰረዙ ቀጥሎ አስቀምጡ። የሚያስቸግረው ግሱን ወደ ምን እንለውጠው የሚለው ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፎች አንዱን «የአሁን»፣ ሌላውን «የኃላፊ» ብለው ስለሚጠሩት ልጆች ጉዳዩ የጊዜ ይመስላቸዋል። አይደለም። «ኢንግ» ያለው ባለቤቱ ራሱ ሲሠራ ነው፤ ሦስተኛው የግስ መልክ ደግሞ ባለቤቱ ላይ ሲሠራበት ነው። እኛ አይቶ እና ታይቶ እንደምንለው ማለት ነው። «ሲይንግ ዘ ሌክ፣ ዊ ክላፕት» ካልን ሐይቁን ያየነው እኛ ነን፤ አይተን አጨበጨብን። «ሲን ፍሮም ዘ ፕሌን፣ ዘ ሌክ ሉክት ስሞል» ካልን ደግሞ ሐይቁ ነው የታየው።

እንግዲህ ልጃችሁ አማርኛ ከቻለ «ተ» ጥሩ ምልክት ትሆነዋለች፤ ተጽፎ፣ ተሰብሮ፣ ተፈልፍሎ ካለ ሦስተኛውን መልክ ይጠቀም። ግን ተጠንቀቁ፤ «ተ» ያለበት ሁሉ ተገብሮ አይደለም። ተቀምጣ፣ ተጫውታ፣ ተምራ ስንል ሠሪዋ ራሷ ናት። ስለዚህ «ሌላ ሰው ነው ያደረገው ወይስ ራሷ?» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል።

አሁን እስካሁን ያልነውን በአንድ ምርጫ ጥያቄ እንሞክር። በኤስኤቲ ፈተናም የሚመጡት የዚህ ዓይነት ጥያቄዎች አራት ምርጫ አላቸው። መነሻው ስለ ላሊበላ ይሁንና «ካርቭድ ፍሮም ኤ ሲንግል ሮክ» ይበል፤ ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ ማለት ነው። ከሰረዙ በኋላ የሚመጡት ምርጫዎች እነዚህ ናቸው እንበል፦

ሀ. «ቪዚተርስ ላቭ ቤተ ጊዮርጊስ»
ለ. «ቤተ ጊዮርጊስስ ቢዩቲ አትራክትስ ቪዚተርስ»
ሐ. «ዜር አር ሜኒ ቪዚተርስ አት ቤተ ጊዮርጊስ»
መ. «ቤተ ጊዮርጊስ አትራክትስ ሜኒ ቪዚተርስ»

ምን ተፈለፈለ? ቤተ ክርስቲያኑ። እንግዲህ ከሰረዙ ቀጥሎ መቆም ያለበት እሱ ራሱ ነው። «ሀ» ጎብኚዎቹን ከዓለት ፈለፈላቸው። «ሐ» የሚጀምረው ማንንም በማይወክል ቃል ነው፤ እውነተኛው ባለቤት ደግሞ እዚያም ጎብኚዎቹ ናቸው። ልጆች በብዛት የሚወድቁት በ«ለ» ነው፤ ምክንያቱም የቤተ ጊዮርጊስ ስም መጀመሪያ ላይ ስለሚታያቸው አልፈው ይሄዳሉ። ነገር ግን የዚያ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ቤተ ጊዮርጊስ ሳይሆን «የቤተ ጊዮርጊስ ውበት» ነው፤ ውበት ደግሞ ከዓለት አይፈለፈልም። መልሱ «መ» ነው።

ይሄ የ«ለ» ወጥመድ በቤት ሥራም ላይ ደጋግሞ ይመጣል። «ሣራ ደረጃውን ስትወርድ ጫማዋ ወለቀ» በአማርኛ ንጹሕ ነው። «ረኒንግ ዳውን ዘ ስቴርስ፣ ሣራስ ሹ ኬም ኦፍ» ሲባል ግን ደረጃውን የሮጠው ጫማው ሆነ። «ረኒንግ ዳውን ዘ ስቴርስ፣ ሣራ ሎስት ኤ ሹ» ቢባል ሣራ ራሷ ባለቤት ትሆናለች።

ሌላ የኛ ልጆች ብቻ የሚወድቁበት የሚመስለኝ ጉድጓድ አለ። ባለቤቱ አንድ ሆኖ እንኳ ጊዜው ይፋለሳል። «ዳዊት ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ሄደ» የሚለውን አንድ ተማሪዬ «ኢቲንግ ብሬክፈስት፣ ዳዊት ዌንት ቱ ስኩል» ብሎ ጻፈው። እንግሊዝኛ አንባቢ የሚያየው ሳንድዊች በእጁ ይዞ እየበላ የሚሄድ ልጅ ነው። የእኛ «በልቶ» መጀመሪያ መብላቱ አልቋል ይላል፤ በእንግሊዝኛ ያንን ለማለት «ሃቪንግ ኢትን ብሬክፈስት» ያስፈልጋል። ይሁንና ቦዝ አንቀጽ ሁሉ እንዲህ አይደለም። «ሮጣ መጣች» ስንል ሩጫውና መምጣቱ አንድ ላይ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ በ«ከ ... በኋላ» ለውጡትና ስሙት። «ከበላ በኋላ ሄደ» ትርጉሙን ጠብቋል፤ ስለዚህ «ሃቪንግ»። «ከሮጠች በኋላ መጣች» ግን ሌላ ታሪክ ሆነ፤ ስለዚህ «ረኒንግ» ብቻ።

ልጃችሁ ጎበዝ ከሆነ «ታዲያ ጄነራሊ ስፒኪንግ የሚባለውስ ባለቤቱ ማነው?» ብሎ ይከራከራችሁ ይሆናል። እውነቱን ነው። «ጄነራሊ ስፒኪንግ»፣ «ጀጂንግ ባይ» እና «ኮንሲደሪንግ» የመሳሰሉት በልማድ የተፈቀዱ ናቸው፤ ባለቤት አይጠየቁም። ጥቂት ስለሆኑ እንዳሉ መያዝ ነው።

ወደ አባትየው ልመለስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ራሷ ወደ እኔ መጣች። የመምህሯን ጥያቄ አርማ መልሳ 2 ነጥብ አስመልሳለች። «አባዬ እንግሊዝኛውን አይነካም፤ በአማርኛ ማን? ማን? እያለ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ፤ ያናድዳል» አለችኝ። ታግዘኝ የምትለው ግን እሱኑ ነው።

ለሳምንቱ እነዚህን ሞክሩ። ልጁ መጀመሪያ በአማርኛ አንድ ያድርጋቸው፣ ከዚያ ማን? ይጠየቅ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፦

እናቴ ቡናውን ቆላች። ጎረቤቶቹ መጡ።
ደብዳቤው በአማርኛ ተጻፈ። ደብዳቤው አያቴን አስደሰታት።
ወደ ቤት እየሄድን ነበር። ዝናብ ጀመረ።
ወንድሜ የቤት ሥራውን ጨረሰ። ወንድሜ ተኛ።

ከአራቱ ባለቤት ጥሎ ማሳጠር የሚቻለው ሁለቱን ብቻ ነው። የትኞቹ እንደሆኑ ልጆቹ ቅዳሜ በቡና ሰዓት ይንገሩኝ።