10 ዲግሪ ወይስ 79? የቢትኮይን ቻርት በሁለት ልኬት

የቢትኮይንን ሁለት ታላላቅ ጭማሪዎች እንውሰድ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2013 የታየው ነው። ዓመቱ ሲገባ 13 ዶላር ገደማ የነበረው ዋጋ በኖቬምበር መጨረሻ ወደ 1,150 ዶላር ደረሰ። ሁለተኛው በማርች 2020 ከ4,000 ዶላር ግድም ተነስቶ በኖቬምበር 2021 እስከ 69,000 ዶላር የወጣበት ነው። በ2013 መጀመሪያ የገዛ ሰው ገንዘቡ በ11 ወር ውስጥ 88 እጥፍ ሆኖለታል፤ በ2020 የገዛው ደግሞ በ20 ወር 17 እጥፍ። የትኛው ጭማሪ እንደሚበልጥ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ቻርት ግን ተቃራኒውን ያሳየዋል። (ዓመታቱና ወራቱ ከዚህ በኋላም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋዎቹም ተጠጋግተዋል።)

ለምን እንደሆነ በማስመሪያ እንለካው። የቻርቱ ቁመት 20 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ከታች ዜሮ፣ ከላይ 70,000 ዶላር። ወደ ጎን ደግሞ እያንዳንዱ ዓመት 2 ሴንቲሜትር ይያዝ። በዚህ ወረቀት ላይ የ2013ቱ ጭማሪ በሙሉ ወደ ላይ የሚወስደው ቦታ ከሦስት ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ከመነሻው እስከ ጫፉ መስመር ብናሰምር ከአግድሙ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዓይን የተኛ መስመር ነው። የ2020ው ጭማሪ ከ18 ሴንቲሜትር በላይ ይወጣል፤ ማዕዘኑም 80 ዲግሪ፣ እንደ ግድግዳ ሊቆም የቀረው። 88 እጥፉ ተኝቶ፣ 17 እጥፉ ቆሞ ታየን።

ይህ መስመራዊ ልኬት የሚባለው ነው፤ ብዙዎች ሊኒየር ይሉታል። ደንቡ ቀላል ነው፦ እኩል ዶላር እኩል ቁመት ያገኛል። ከ1,000 ወደ 2,000 የሚደረገው ጉዞና ከ60,000 ወደ 61,000 የሚደረገው ጉዞ በወረቀቱ ላይ አንድ ናቸው። በገዛ ሰው ኪስ ግን አንድ አይደሉም። የ1,000 ብር የደመወዝ ጭማሪ 3,000 ብር ለሚያገኝና 50,000 ብር ለሚያገኝ ሠራተኛ ትርጉሙ እንደሚለያይ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ባለቤት ገንዘቡ እጥፍ ሲሆንለት ሁለተኛው ከመቶ ሁለት እንኳን አላተረፈም።

የሎጋሪዝም ልኬት፣ በተለምዶ ሎግ የሚባለው፣ ለእኩል እጥፍ እኩል ቁመት ይሰጣል። ከ10 ወደ 100፣ ከ100 ወደ 1,000፣ ከ10,000 ወደ 100,000፣ ሁሉም አስር እጥፍ ስለሆኑ እኩል ቦታ ይይዛሉ። ያንኑ 20 ሴንቲሜትር ከ10 ዶላር እስከ 100,000 ዶላር ብናዘጋጀው አራት አስር እጥፎች ይገባሉ፤ ለእያንዳንዱ 5 ሴንቲሜትር ይደርሰዋል። አሁን የ2013ቱ ጭማሪ 9.7 ሴንቲሜትር ይወጣል፤ ማዕዘኑ 79 ዲግሪ ይሆናል። የ2020ው 6.2 ሴንቲሜትር ይወጣል፤ ማዕዘኑ 62 ዲግሪ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ፈጥኖ ያደገው ሾሎ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። 79 እና 62 የሚሉት ቁጥሮች ራሳቸው የቢትኮይን ባሕርይ አይደሉም። ለአንድ ዓመት 2 ሴንቲሜትር የሰጠሁትን ወደ 4 ባሰፋው 69 እና 43 ይሆናሉ። ስልኩን አግድም ማዞር ብቻ ማዕዘኑን ይለውጠዋል። ስለዚህ «መስመሩ 45 ዲግሪ ስለሆነ ጤናማ ነው» የሚለው የታወቀ አነጋገር፣ ለአንድ ዓመትና ለአንድ የዋጋ እርምጃ ስንት ሴንቲሜትር እንደተሰጠ ካልተነገረ በስተቀር ምንም አይገልጽም። በሎግ ልኬት ሳይለወጥ የሚቀረው ንጽጽሩ ነው፦ በአንድ ቻርት ላይ ይበልጥ የቆመው መስመር በመቶኛ ፈጥኖ ያደገው ነው። በመስመራዊው ልኬት ይህ ንጽጽር የሚሠራው ዋጋዎቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ከማየት አልፎ ውሳኔ የሚነካው ትሬንድላይን ሲሰመር ነው። ትሬንድላይን የሚሰመረው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዝቅተኛ ዋጋዎችን በማገናኘት ነው፤ ከዚያ ወደፊት ይቀጠላል፣ ዋጋው ከመስመሩ በታች ከወረደ ደግሞ «አዝማሚያው ተሰበረ» ይባላል። እንደ TradingView ባሉ መሣሪያዎች ላይ በሁለት ነጥብ መካከል የተሰመረ መስመር ልኬቱ ሲቀየርም ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ሁለቱ ነጥቦች አልተነቃነቁም፤ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ነገር ግን በነጥቦቹ መካከልና ከእነሱ አልፎ መስመሩ የሚረግጣቸው ዋጋዎች ሁሉ ተለውጠዋል።

ቢትኮይን በጃንዋሪ 2015 ወደ 200 ዶላር ወርዶ ነበር፤ በዲሴምበር 2018 ደግሞ ወደ 3,200። በመካከሉ 47 ወራት አሉ፤ ዕድገቱም 16 እጥፍ ነው። ሁለቱን ዝቅታዎች በመስመራዊ ልኬት ስናገናኝ መስመሩ በየወሩ 64 ዶላር ገደማ ይጨምራል፤ መጀመሪያም መጨረሻም ያው 64 ዶላር ነው። በሎግ ስናገናኝ በየወሩ 6 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህም መጀመሪያ ላይ 12 ዶላር፣ መጨረሻ ላይ 180 ዶላር ገደማ ማለት ነው። በአጋማሹ፣ 2016 አልቆ 2017 ሲገባ፣ መስመራዊው 1,700 ላይ ሲቆም የሎጉ 800 ላይ ይሆናል። አንዱ የሁለቱን ዋጋዎች ተራ አማካይ ነው የሚይዘው፤ ሌላው የብዜታቸውን ካሬ ሥር።

እውነተኛው ዋጋ በዚያን ወቅት 1,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 2016 ዋጋው ከ400 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን፣ የሎጉ መስመር 406 ላይ፣ መስመራዊው 966 ላይ ነበሩ። ዋጋው መስመራዊውን ያለፈው በሜይ 2017 ገደማ ነው። ዋጋውን ከታች ይደግፋል የተባለ መስመር ከሁለት ዓመት በላይ ከዋጋው በላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። የሚያሳስተው ደግሞ ይህ በቻርቱ ላይ እምብዛም አለመታየቱ ነው። እስከ 20,000 ዶላር በተዘረጋ 20 ሴንቲሜትር ላይ የ500 ዶላር ልዩነት ግማሽ ሴንቲሜትር ነው፤ ዓይን «መስመሩን ተጠግቶ ሄዷል» ብሎ ያልፈዋል። የሎጉም መስመር እንከን የለሽ አልነበረም፤ በ2015 ክረምት ዋጋው ከእሱም በታች ነበር።

አሁን ሁለቱን መስመሮች ወደፊት እንቀጥላቸው። ሁለተኛውን ነጥብ ሲያልፉ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እስከዚያ ከታች የነበረው ሎግ ከላይ ይሆናል። በማርች 2020 አጋማሽ መስመራዊው 4,150፣ ሎጉ 7,750 ላይ ደርሰዋል። በዚያ ሳምንት ኮሮና ገበያዎችን ሁሉ ሲያናውጥ ቢትኮይን በአንድ ቀን ውስጥ ከ8,000 ገደማ ወድቆ ዕለቱን 5,000 አካባቢ ዘጋ። በዕለት መዝጊያ ዋጋ የሚወስን ሰው ሎግ ቢከፍት «አዝማሚያው ተሰብሯል፣ ልውጣ» ይላል፤ መስመራዊ የከፈተው ጓደኛው «ድጋፉ ይዟል» ይላል። ሁለቱም ያገናኙት ያንኑ ሁለት ነጥብ ነው።

ያን ጊዜ የወጣው ሰው ዋጋው ከ5,000 ወደ 69,000 ሲጓዝ ቆሞ ተመለከተ። ከዚህ ተነስቶ መስመራዊው ይሻላል ለማለት ግን አይቻልም። በሜይ 2022 የሎጉ መስመር 35,000 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ዋጋው ያኔ ሰብሮት ወረደ፣ በኖቬምበርም 15,500 ገደማ ደረሰ። መስመራዊው በዚያን ጊዜ 6,200 ላይ ነበር። ዋጋው ከጫፉ 77 ከመቶ ሲያጣ ያ መስመር አንዴም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፤ ብዙ እጥፍ ያደገ ሳንቲምን በቋሚ ዶላር መከተል ማለት እየራቀ የሚሄድ መስመር መያዝ ነውና።

ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው በ16 እጥፉ ምክንያት ነው። ከ100 ወደ 110 ያደገ ዋጋ ቢሆን ኖሮ አጋማሹ በመስመራዊ 105፣ በሎግ 104.88 ይሆናል፤ ማንም ልብ አይለውም። ለጥቂት ሳምንት ግብይት ወይም አሥር ከመቶ ለማይንቀሳቀስ ዋጋ የልኬቱ ምርጫ አያስጨንቅም። ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚታየው በቀኝ በኩል ያለው የዋጋ ዓምድ ነው። 10,000፣ 20,000፣ 30,000 እኩል ተራርቀው ከተቀመጡ መስመራዊ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ከተጨናነቁ ሎግ ነው። በTradingView ላይ Alt + L አንዱን ወደ ሌላው ይቀይራል።

ሎግ የራሱ አደጋ አለው። ከ69,000 ወደ 15,500 የሆነው ውድቀት በመስመራዊው ወረቀታችን 15 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ በሎጉ ግን ከ3 ሴንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል። ቤቱን ሸጦ ለገባ ሰው ያ ሦስት ሴንቲሜትር ሦስት አራተኛ ሀብቱ ነው፤ ቻርቱ እንደ ቀላል እጥፋት ያሳየዋል። በሌላ በኩል ሳንቲም ሲሞት እውነቱን የሚያሳየው ሎግ ነው። ሉና በኤፕሪል 2022 ወደ 119 ዶላር ወጥቶ በሜይ በቀናት ውስጥ ከአንድ ሳንቲም እጅግ በታች ወረደ። ያው 20 ሴንቲሜትር ከዜሮ እስከ 119 ዶላር ቢዘረጋ፣ በመስመራዊ ልኬት አንድ ዶላር ላይ ሲደርስ ወለሉን የነካ ይመስላል። ከዚያ ወደ አንድ ሳንቲም የሚደረገው ጉዞ ሁለት ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፤ ግን 99 ከመቶ ኪሳራ ነው። «ከዚህ በታች የት ይወርዳል» ብሎ አንድ ዶላር ላይ የገዛ ሰው የሚከስረው እዚያች ሁለት ሚሊሜትር ውስጥ ነው።

በሎግ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲሰመር ደግሞ ዕድገቱ በመቶኛ ሳይቀንስ ይቀጥላል ተብሎ መገመቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በቢትኮይን ይህ ግምት አልሠራም። ከ2015 ዝቅታ እስከ 2018 ዝቅታ በ47 ወር 16 እጥፍ አደገ፤ ከ2018 እስከ 2022 ዝቅታ በሌላ 47 ወር ወደ 5 እጥፍ ብቻ። ሎግ ላይ ሦስቱን ዝቅታዎች ያገናኘ ሰው የሚያገኘው ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ወደ ጎን የሚጎብጥ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ያገናኘው መስመር በኖቬምበር 2022 ላይ 51,000 ዶላር ያመለክት ነበር።

የኋለኞቹን ሁለት ዝቅታዎች አገናኝቶ ሌላ 47 ወር ወደፊት ቢቀጥሉት ኦክቶበር 2026 ላይ ይደረሳል። መስመራዊው እዚያ 27,800 ዶላር ላይ ያልፋል፤ ሎጉ 75,000 ላይ።