«የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ» የሚለውን መልስ እንዴት እንደማነበው

የመልቀቂያ ቅጾችን ከፋይል አውጥታችሁ ብታገላብጡ «ለምን ለቀቁ?» ለሚለው ጥያቄ ደጋግማችሁ የምታገኙት መልስ «የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ» የሚል ነው። ሰዎቹ ዋሽተው አይደለም። ግን ደመወዝ ብሎ መጻፍ ማንንም አያስቀይምም፤ ነገ አዲሱ ቀጣሪ ደውሎ ስለ እነሱ ቢጠይቅም ጣጣ አያመጣም። አስተዳደሩም ያነበውና «ገበያው ነው፣ ምን እናድርግ» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል።

ስለዚህ ኤግዚት ኢንተርቪው ላይ ከ«ለምን» በፊት «መቼ» ብዬ እጠይቃለሁ። «ሌላ ሥራ መፈለግ የጀመሩት መቼ አካባቢ ነው? በዚያ ሰሞን እዚህ ምን ነበር?» ሰው ምክንያቱን ሊያለሳልሰው ይችላል፤ ጊዜውን ግን ለመደበቅ ብዙም አይጨነቅም።

አንድ የምግብ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ላይ ያየነውን ልንገራችሁ። በአንድ ሩብ ዓመት ስድስት ሰው ለቀቀ፤ አምስቱ ደመወዝ ብለው ሞሉ። መቼ መፈለግ እንደጀመሩ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አንድ ወር ላይ ተሰበሰበ፦ የማታው ፈረቃ መውጫ ከምሽቱ 2 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት የተገፋበት ወር። አንዷ እንዲህ አለች፦ «ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ያወርደኛል። በዚያ ሰዓት ወደ ውስጥ የሚገባ ታክሲ የለም። ወንድሜ በየማታው ወጥቶ ይቀበለኛል፤ እሱም ሰለቸው።» አዲሱ ሥራዋ የሚበልጠው በጥቂት መቶ ብር ነበር።

ይህ ገና ግምት ነው። የስድስት ሰው ወሬ ይዞ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ መግባት ተገቢ አይደለም። ማጣሪያው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር፦ የጠዋቱ ፈረቃ ሠራተኞች ደመወዛቸው ያው፣ የክፍል ኃላፊያቸውም ያው ነው፤ ከእነሱ ግን አንድም ሰው አልለቀቀም። መነሻው ደመወዝ ቢሆን የጠዋቶቹም በለቀቁ ነበር። ከዚያ የአቴንዳንስ መዝገቡ ታየ፤ የማታዎቹ ቀሪ ከሰዓት ለውጡ በኋላ ጨምሯል። በመጨረሻም ገና ያልለቀቁትን የማታ ሠራተኞች አናገርን፤ እነሱም የሚያነሱት ያንኑ መንገድ ሆነ።

የመፍትሔ ሐሳቡ ከአንድ ገጽ አላለፈም። «የሠራተኛውን እርካታ ማሳደግ» የሚል ዓረፍተ ነገር አልነበረውም፤ እንዲህ ያለውን የሚፈጽመው ማንም የለምና። የተጻፈው፣ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ የማታው ሰርቪስ ብዙ ሠራተኛ ያለባቸው ሁለት ሰፈሮች ውስጥ ገብቶ እንዲያወርድ፣ ኃላፊው የትራንስፖርት ስምሪት እንዲሆን፣ ውጤቱም በሚቀጥሉት ሁለት ሩብ ዓመታት በማታው ፈረቃ መልቀቂያ ቁጥር እንዲለካ ነው። ከነዳጁ ወጪ ጎን አዲስ ሠራተኛ እጁ እስኪፈታ የሚባክነው ምርትና ለቀሪዎቹ የሚከፈለው ትርፍ ሰዓት ተሰልቶ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁን ያሳመነው ይኸው ስሌት ነው።

መስመሩ ተቀየረ፤ የማታው መልቀቂያም ቀነሰ። በሌላ ክፍል ያሉት የማሽን ቴክኒሻኖች ግን መልቀቃቸውን ቀጠሉ። እነሱ ከሁለቱም ፈረቃ ነበር የሚሄዱት፤ ሌላ ቦታ የሚሰጣቸውም ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። እዚህ ላይ «የተሻለ ደመወዝ» ማለት በትክክል የተሻለ ደመወዝ ነው፤ የኤች አር ሥራም ይህንን ሳያድበሰብሱ ለአስተዳደሩ መንገር ነው። በሻይ ፕሮግራም የሚመለስ ጉዳይ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰውየው ሳይፈራ ከተናገረ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃው መብቱ ነው፤ ቀሪ ክፍያውም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። በተግባር ግን ክሊራንሱ ሳያልቅ የሚጠየቅ ሰው ወረቀቴ ይያዝብኛል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁን የማደርገው ክሊራንሱ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ የቅርብ አለቃውም ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ባለበት ክፍል ስም ባይጠራም ተናጋሪው ይታወቃል፤ የእነዚህን መልስ ከሌሎች ክፍሎች ጋር እስኪቀላቀል አቆየዋለሁ። ትንኮሳን ወይም ስርቆትን የመሰለ ነገር ከተነሳ ግን ሚስጥር አድርጌ መያዝ እንደማልችል አስቀድሜ እናገራለሁ።

ኤች አር ላይ ያላችሁ፣ ቅጻችሁን ዛሬ አውጥታችሁ እዩት። «መፈለግ የጀመሩት መቼ ነው?» የሚል መስመር ከሌለው ጨምሩበት፤ መልሱን ደግሞ በክፍልና በፈረቃ ለይታችሁ መዝግቡት።