የአባቴ ሁለት ወረቀቶች

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፍታ ሁለት ወረቀት ሰጠችኝ። «አንተ ልጅ፣ ተምረሃል ተብሏል፤ እስቲ ይህን ለማን እንደምንወስደው ንገረኝ» አለችኝ። አንደኛው በ1981 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላለው ቤታችን ቆጣሪ የተፈረመ ውል ነው። ሁለተኛው በ1999 ዓ.ም. የተጻፈና ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የእርሻ መሬታችን ላይ ስለተተከለ የከፍተኛ ኃይል መስመር ማማ የሚናገር ደብዳቤ ነው። እናቴ ቆጣሪው በስሟ እንዲዞርላት፣ የመሬቱ ካሳ ጉዳይም እንዲያልቅላት ትፈልጋለች። ታናሽ ወንድሜ ግን «ሁለቱም የመብራት ኃይል ናቸው፤ ያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ዛሬ የለም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

እኔም ከወረቀቶቹ ራስጌ ጀመርኩ። የ1981ዱ ውል ላይ «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ይላል። ይህ በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ነው። በ1989 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 18 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በቦታው ተተካ። የ1999ኙ ደብዳቤ ማኅተም የኮርፖሬሽኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወረቀቶች በስም ቢለያዩም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ወንድሜ ልክ ነበር።

ግንዱ ለሁለት የተከፈለው በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በተከታታይ ቁጥር ሁለት ደንቦች አወጣ። በደንብ ቁጥር 302 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ተቋቋመ፤ በደንብ ቁጥር 303 ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። የመጀመሪያው ኃይል የሚያመነጩትን ጣቢያዎች፣ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮችንና ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ወሰደ፤ ኃይሉንም በጅምላ ይሸጣል። ሁለተኛው ከማከፋፈያ ጣቢያው ወዲህ ያለውን መስመር፣ ቆጣሪውንና ደንበኛውን ይዞ ቀረ።

ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ኃይል» የሚለው ቃል በአሮጌው ኮርፖሬሽን ስምም፣ ከተከፈሉት በአንዱ ስምም አለ። ስም የሚመሳሰለውን ተከትሎ የሄደ ሰው የቤቱን ቆጣሪ ጉዳይ ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ይወስደዋል። ሌላም ወጥመድ አለ። በአሮጌው ውል ላይ ያለውን «ባለሥልጣን» የሚል ቃል ይዞ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ዘንድ የሚሄድ አይጠፋም። እሱ ግን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንጂ የአሮጌው ባለሥልጣን ወራሽ አይደለም፤ ውሉን አልተረከበም።

መንገዱን የሚያሳየው ስሙ ሳይሆን ወረቀቱ የሚናገርበት ዕቃ ነው። ዕቃው ቆጣሪ፣ የሰፈር ምሰሶ ወይም ትራንስፎርመር ከሆነ ወራሹ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ትልቁ የብረት ማማ ወይም ማከፋፈያ ጣቢያ ከሆነ ወራሹ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከጥርጣሬ የሚያወጣው ደግሞ የማቋቋሚያ ደንቡ ራሱ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን ደንብ ይዞ መጀመሪያ «ዓላማ» የሚለውን አንቀጽ ማንበብ፣ ቀጥሎም ወደ መጨረሻ ወርዶ መብትና ግዴታ ስለመተላለፉ የሚለውን መፈለግ ነው። ድርጅት ሲከፈል ዕዳውና ውሉ በአየር ላይ አይቀርም፤ የትኛው ልጅ እንደተረከበው እዚያ ይጻፋል።

ይህን ለወንድሜ ሳስረዳው እናቴ ሰምታ «እንግዲህ እንደ እኛ ነዋ! አባት ሲሞት ቤቱ ለአንዱ፣ መሬቱ ለአንዱ» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ለእናቴም ወረቀቶቹን በሁለት ፖስታ ለየሁላት። በአንደኛው ላይ «አገልግሎት» ብዬ ጽፌ የ1981ዱን ውል፣ የቅርብ ጊዜ የክፍያ ደረሰኝና የፍርድ ቤቱን የወራሽነት ማስረጃ ከተትኩበት። የደረሰኙ ጥቅም ብዙ ነው፤ አሮጌውን ውል ከዛሬው ደንበኛ ቁጥር ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። በሁለተኛው ላይ «ኃይል» ብዬ የ1999ኙን ደብዳቤና የመሬቱን ይዞታ ማረጋገጫ አስቀመጥኩ። ከሁለቱም ጋር የትኛው መሥሪያ ቤት የማን ወራሽ እንደሆነ፣ ደንቡን በቁጥር የሚጠቅስ አንድ ገጽ ማመልከቻ አያያዝኩ። እንዲህ ሲሆን መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «ይህ የእኛ አይደለም» ቢል እንኳ የማን እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።

የቆጣሪው ስም ዞሯል። የማማው ጉዳይ ገና ነው፤ የ1999ኙ ደብዳቤ ማማው መተከሉን እንጂ ካሳ መከፈል አለመከፈሉን አይናገርም። ወራሹን ማወቅ የሚጠየቀውን ሰው ያሳያል እንጂ የጎደለ ማስረጃ አይሞላም። እናቴ አሁን ሣጥኑን እንደገና እየበረበረች ነው።