የባሕር ማዕበል እንዴት ይገዝፋል?

የባሕር ማዕበል ቁመት በነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ ያለ ከልካይ በውኃው ላይ በሚጓዘው ርቀትና በሚነፍስበት ጊዜ ይወሰናል። አንዱ ካነሰ እድገቱ ይገታል፤ ብርቱ ነፋስ እንኳ በጠባብ ሐይቅ ላይ ግዙፍ ማዕበል አያስነሳም። ርቀቱና ጊዜው ከበቃ ግን ማዕበሉ የመጨረሻ ልኩ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ቁመቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

በትንበያ ለመርከበኞች የሚነገረው ቁመት የትልልቆቹ ማዕበሎች፣ ማለትም የአንድ ሦስተኛዎቹ፣ አማካይ ነው። ከዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚቆመው ድንገተኛ ግዙፍ ማዕበል ይባላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር፣ በኖርዌይ የድራውፕነር ጋዝ መድረክ ላይ የነበረ የሌዘር መለኪያ 25.6 ሜትር የደረሰ ማዕበል መዘገበ፤ የዙሪያው አማካይ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ተጨማሪ ነፋስ አይደለም። በተለያየ ፍጥነትና አቅጣጫ የሚጓዙ ማዕበሎች ጫፋቸው ለጥቂት ሰከንዶች አንድ ቦታ ሲገጥም ቁመታቸው ይደመራል። በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ደግሞ የአጉልሃስ የባሕር ሞገድ ጅረት ከፊት የሚመጣውን ማዕበል ያሳጥረዋል፣ ያቆመዋልም። የድራውፕነሩ ልኬት የመሣሪያ ስህተት እንዳልነበረ መድረኩ ላይ የደረሰው መጠነኛ ጉዳት አረጋግጧል።